ዳሩ የወየበ ምልክት

ትርንጎ አንበሳሜ ገበያ ላይ ሃያ ዓመት ነጠላና ጋቢ ሸጣለች። ሸማ ሲቀርብላት አስቀድማ የምታየው ጥለቱን ነው፤ መካከሉን የምትዳስሰው ኋላ ነው። በአርባ ሁለት ዓመቷ ባጃጅ ገዛች። የቀጠረቻቸው ሁለት ሾፌሮች ተራ በተራ ጥለዋት ሲሄዱ ባጃጁ ግቢ ውስጥ ቆመ። ራሷ ልትነዳው ቆርጣ ደብረ ታቦር ወደሚገኝ አንድ የመንጃ ማሠልጠኛ ገባች።

ማሠልጠኛው ሠልጣኞቹን ለመንጃ ፈቃድ ፈተና ከመላኩ በፊት በራሱ ወረቀት ይፈትናቸዋል። ያለፉትን ስም መምህሩ ተስፋነህ መዝግቦ ይልካል። የዚህ ዙር ዝርዝር ሰኞ ይወጣል፤ የሚቀጥለው ከሦስት ወር በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ሙከራ ትርንጎ በመንገድ ምልክቶች ከሃያው ጥያቄ ዘጠኙን አገኘች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሃያውንም አገኘች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተስፋነህ ቢሮው አስጠራት። በሩን አልዘጋውም፤ ጸሐፊዋ ሶስና እንድትሰማ ፈልጓል። የፈተናው ወረቀት የሚቀመጥበት መሳቢያ ቁልፍ ያለው ሶስና እጅ ነበር፤ ሶስና ደግሞ የአንበሳሜ ልጅ ናት።

«እትዬ ትርንጎ፣ አብረውዎት የወደቁት አሥር ሰዎች ነጥባቸው እዚያው ነው። እርስዎ ብቻ ነዎት ዘለው የወጡት።»

«አጥንቼ ነዋ።»

«በፈተናው ሰዓት አንገትዎን ደፍተው የነጠላዎን ጫፍ ሲያገላብጡ አይቻለሁ።»

ትርንጎ ነጠላዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ተስፋነህ ጫፉን ወደ መስኮቱ አቅርቦ አየ። ቀጭን ቀይ ጥለት ነው፤ የተጻፈበት ነገር የለም።

«ሥራዬ ነው፤ እጄ አያርፍም» አለች። «ከፈለጉ የቀሚሴንም ጫፍ ይዩት።»

ሶስና ከውጭ ሳል ያዛት። ተስፋነህ ግን አልሳቀም። የምልክቶቹን ካርዶች አወጣና የመጀመሪያውን ሲያስቀምጥ በመካከሉ ያለውን ሥዕል በክብሪት ሣጥን ሸፈነው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሦስት ማዕዘን ነው፤ ዙሪያው ቀይ። ያስጠነቅቃል። ምን እንዳለ ግን ሣጥኑን ካላነሡልኝ አላውቅም።»

አነሣው። ጠመዝማዛ መንገድ ነበር። ሁለተኛውን ሸፍኖ አቀረበ።

«ክብ፣ ዙሪያው ቀይ። ይከለክላል።»

«ሦስተኛው?»

«ይህም ክብ ነው፤ መደቡ ግን ሰማያዊ። ያስገድዳል፤ ያሉህን ታደርጋለህ።»

የተሸመደደ መልስ እንዲህ ሥዕሉ ተሸፍኖ አይመጣም። ተስፋነህ ይህን ያውቃል፤ ሆኖም ጥርጣሬው አልለቀቀውም። መስኮቱ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ትልቅ ሥዕል ዞረ። ሠልጣኞቹ ሁሉ የሚያጠኑት ከዚያ ነው። ወደ ግራ የታጠፈ ጥቁር ቀስት ያለበትን ክብ አመለከተ።

«ይህስ?»

ትርንጎ ጠጋ ብላ ዳሩን ፈለገች። «ይህን አላውቀውም።»

«ፈተናው ላይ ግን መልሰውታል።»

«ፈተናው ላይ ያለው ዳር አለው። ይህ ዳሩ የታል? ባለፈው እዚህ አጥንቼ ወደ ግራ ታጠፍ የሚል መስሎኝ ጻፍሁ፤ ወደቅሁ። የሚያስገድድ ቢሆን ሰማያዊ መሆን ነበረበት። ቢከለክል ደግሞ ቀይ። ይኸው ነጭ ነው።»

«ታዲያ ከየት ተማሩት?»

«ከመንገዱ። ገበያ ስመላለስ ሚኒባሱ ጋቢና ተቀምጬ ዳራቸውን እየለየሁ። ሾፌሩ ጤና የላትም ብሎኛል።»

ተስፋነህ ወንበር ጎትቶ ላዩ ላይ ወጣ። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ የተያዘው ከላይ በተመታ ቀጭን ጣውላ ነው። ከጣውላው ሥር የላይኛው ረድፍ ክቦች ጫፍ ተደብቋል። ምስማሩን ነቅሎ ጣውላውን አነሣው። ፀሐይ ያላገኘችው የወረቀቱ ክፍል ላይ የክቦቹ ዳር ደማቅ ቀይ ነበር። ከዚያ በታች ቀዩ ሁሉ ወይቧል፤ የግራውን ቀስት የሚያቋርጠው ሰያፍ መስመርም አብሮ ጠፍቷል። ሰማያዊዎቹ ግን ደብዝዘውም ይለያሉ።

ወርዶ የፈተና ወረቀቶቹን ሁሉ አገላበጠ። ከአሥሩ ሰባቱ «ወደ ግራ መታጠፍ ግዴታ ነው» ብለዋል። እሱ ስንፍና ብሎ ነበር ያለፈው።

ሥዕሉን ጠቅልሎ ሶስናን «ይህ ከእንግዲህ አይሰቀልም» አላት። የመሳቢያውን ቁልፍ እንደነበረ እሷው እጅ ተወው።

ከዚያ የሰኞውን ዝርዝር ከፍቶ በእርሳስ «ትርንጎ» ብሎ ጻፈ። «ይሂዱ፣ እትዬ። ጨርሰናል።»

ትርንጎ ነጠላዋን አጣፋች፤ ከቦታዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ከእሷ በላይ ያሉትን ስሞች አየች። ሁሉም በእስክርቢቶ ነበሩ።

«ይህም እንደ ሥዕሉ እንዳይወይብ» አለች። «በእስክርቢቶ አርገው፣ ልጄ።»

ተስፋነህ ቀና ብሎ አያት። ከኪሱ እስክርቢቶ አውጥቶ በእርሳሱ ላይ ደገመው። የአባቷን ስም እስኪጨርስ ጠብቃ ወጣች።