«ቀጥል» ያለው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊው ከሞተች ሚስቱ ጋር በስልክ ይጻጻፋል የሚለው ወሬ ሰፈሩን ሦስቴ ዞሮ ደክሞት ነበር። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ግን፣ «በሕይወት እያለች እንኳ መልስ ለመስጠት ሳምንት ይፈጅባት ነበር» ብሎ ተጠራጠረና ሊጠይቀው ገባ።

ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቁሞ ነገሩን አጫወተው። ሚስቱ ለልጃቸው እንዲቀር የሕይወት ታሪኳን በስልኳ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት እየነገረች ታስጽፍ ነበር። ስልኳ ሆስፒታል ውስጥ ጠፋ። ከሞተች በኋላ እሱ ታሪኳን ለማስጨረስ በራሱ ስልክ ከዚያው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር አዲስ ገጽ ከፍቶ «ቀጥል» ብሎ ጻፈ።

«የቀደመው ንግግር አይታየኝም። የመጨረሻውን ክፍል ይላኩልኝ፤ ወይም የት እንደደረስን ይንገሩኝ» የሚል መልስ መጣለት።

እሱ ግን ታሪኳን የት እንዳደረሰችው አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም።

«ታዲያ ትጽፍልሃለች የሚሉትስ?» አለው ፀጉር አስተካካዩ።

«ውሸት ነው፣ ወንድሜ። አንዲት ቃል አልጻፈችልኝም።»