የማይጠሩ ሦስት ስሞች

የመጨረሻዋ ደህና ቀን ቅዳሜ ነበረች። ልጅ ነበርኩ፣ አሥራ ሁለት ዓመቴ። እህቴ ሜሮን አሥራ ሰባት ሞልቷታል። ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ወለሉ ላይ ተኝተን፣ የሌለ አገር ካርታ እንስል ነበር። ከውጭ የሲሚንቶ ማቡኪያው ይጮኻል፤ መስኮቱን ብንዘጋውም አቧራው ይገባና ወረቀቱ ላይ ይተኛል።

አገሩ ከጀመርነው ሁለት ዓመት አልፎታል። ወንዝ ዳር የሚኖሩት ሰዎች በጀልባ ስለሚውሉ በሰፊው ውሃ ላይ እየተጣሩ ነው የሚነጋገሩት። ስለዚህ ስማቸው ሁሉ መጨረሻው ክፍት ነው፤ ሲጠሩት ይረዝማል። ሶሊና፣ ዋሌኖ፣ ሉማኔ። የሚያውቋቸው ድምፆች ለስላሳ ብቻ ናቸው፦ ል፣ ም፣ ን፣ ስ፣ ው። ልጅ ሲወለድ የእናቱን ስም መጀመሪያ ይወርሳል፤ የሶሊና ልጅ ሶመኖ ነው። በ«ሉ» የሚያልቅ ከተማ ካያችሁ ውሃ አጠገቡ አለ። የተራራዎቹ ሰዎች ግን ገደል እየወጡ ማር ይቆርጣሉ፤ ትንፋሽ ስለሚቆጥቡ ስማቸው አጭርና ጠንካራ ነው፦ ጣርቅ፣ ቆጥር፣ ጭናቅ። ካርታው ላይ አንድ ስም ሲነበብ ሰውዬው የየት እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ አውቅ ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት ሜሮን ልብስ ስታጥብ እኔ ቸኮልኩ። የወንዙ ዳር ሦስት ባዶ ቦታዎች ነበሩት። ስልክ ላይ የምጫወታቸውን ጌሞች የሚመስሉ ስሞች በእስክሪብቶ ሞላሁባቸው፦ ድራክቶር፣ ዜልክስ፣ ብራንዶክ። በጣም ኮርቼ ነበር።

እጇን እየጠረገች መጥታ አየችው።

«ናቲ፣ እነዚህ እነማን ናቸው?»

«ከተሞች ናቸዋ። አሪፍ አይደሉም?»

«ሶሊና እንዴት ብላ ነው ድራክቶር የምትለው? ምላሷ ይሰበራል እኮ።»

«ትልመደዋ።»

እንደ መሳቅ አለች። ከዚያ ተቀምጣ ልታስረዳኝ ሞከረች። አባዬ ወሎ ሰፈር ጋራዥ አለው፤ እሷ ምሳ ስታደርስለት የሠራተኞቹን ወሬ ትሰማለች። «ካቻቢቴ የሚሉት ከጣሊያን የመጣ ቃል ነው» አለችኝ። «እዚያ ድምፁ ‹ቭ› ነበር። እኛ አፍ ውስጥ ሲገባ ‹ብ› ሆነ። የውጭ ስም ይግባ፣ ችግር የለውም፤ ግን የሰዎቹን አፍ ይልበስ። መጀመሪያ ማን እንዳመጣው ንገረኝ።»

አስተካክል ስትለኝ ተናደድኩ። በእስክሪብቶ ነው የጻፍኩት፤ ደግሞ ተሳስተሃል መባል አልወድም። «የሌለ አገር ነው። ማን ያውቅብናል?» አልኳት። «አንቺ ደግሞ ጓደኛ ስለሌለሽ ነው።»

ደብተሯን ሰብስባ ሲኤምሲ ጓደኞቿ ጋ ልታጠና ወጣች። ጓደኞች ነበሯት። መንገድ ስትሻገር መኪና ገጫት። ከሰዓት በኋላ ለአባዬ ተደወለ።

አሁን እኔ ሃያ ሞልቶኛል፤ ከእሷ በሦስት ዓመት እበልጣለሁ። ይህን መጻፍ ራሱ ይከብደኛል። ማቡኪያው ከሄደ ቆየ፤ ግቢው ዛፍ አብቅሏል፤ ልጆች ስልካቸው ላይ ተሠርቶ ያለቀ ዓለም ውስጥ ይጫወታሉ። አልፈርድባቸውም። እኛ ግን አንድ ከተማ ለመሰየም ሳምንት የምንጨቃጨቅበት ጊዜ ነበረን። እኔ አንዱን ጭቅጭቅ ብቻ ነው የማስታውሰው።

በአደጋው ማግስት ጠዋት የእድር ሰዎች ታች ድንኳን ተከሉ። ቤቱ በለቅሶ ተሞላ። ካርታውን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሳልሰርዝ፣ ከእያንዳንዱ ስም ሥር ሌላ መጻፍ ጀመርኩ። ጠንካራውን ድምፅ ቅርቡ ወዳለ ለስላሳ ቀየርኩ፤ ያልሆነልኝን ጣልኩ፤ ሁለት ድምፅ ከተጋጨ መሃሉ «ኢ» አስገባሁ፤ መጨረሻውን ከፈትኩ። ድራክቶር ኒላሶሎ ሆነ። ዜልክስ ሴሊሲ።

የአባዬ ሸሪክ ጋሽ ሰይድ ፈልገው አገኙኝ። ከእኔ በታች ያለው ደረጃ ላይ ተቀመጡ።

«ምን እየጻፍክ ነው የኔ ልጅ?»

«ከተሞቹን የሠሩት ከሩቅ የመጡ ሰዎች ናቸው፣ ጋሽ ሰይድ። በጀልባ። አገሩ ስማቸውን መጥራት አቃተው።»

ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት። «ታዲያ ተቀበሏቸው?»

«አዎ» አልኩ።

ጭንቅላቴን ዳሰስ አደረጉኝ። ብራንዶክ ብቻ ቀርቶ ነበር። «ብ»ን ወደ «ም» ልለውጠው ወይስ ወደ «ው»፣ አላወቅኩም። የምጠይቃት አልነበረችም። ሁለቱንም በአፌ ደጋግሜ ሞከርኩና «ው» አልኩ፤ ጻፍኩት።