በሠርግ ስም የተመዘገበ ነጠላ

ያን ቀን ሱቁ ውስጥ የነበርነው ሦስት ነን፤ በስልክ የነበረችውን ከጨመርን አራት። ባለሱቋ ከጠረጴዛዋ ኋላ ላፕቶፑን ከፍታ ተቀምጣለች። ሸማኔው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ኮታቸው በጥጥ ብናኝ ነጥቶ ስለነበር ወደ ውስጥ ገብቼ ዕቃ አላበላሽም ብለው። እኔ በመስኮቱ በኩል ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ፤ አግዳሚው ላይ ሙዳይና ሌማት ተደርድሮበታል። የባለሱቋ ታናሽ እህት የምትኖረው ውጭ አገር ነው። ድምፅዋ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠው ስልክ ይወጣል።

ሱቁ ደብረ ማርቆስ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ዝቅ ብሎ ነው። ከሱቁ የሚወጣው ነጠላ፣ ጋቢና ስፌት በኢንተርኔት ገበያ ላይ ይሸጥ የጀመረው በእህትየዋ ስም ነው። ገጹ የሷ፣ ክፍያ ተቀባይዋ እሷ፤ ዕቃው ከእኛ ዘንድ ይሄዳል። ገዢዎቹም አብዛኞቹ ከአገር የወጡ የእኛው ሰዎች ናቸው። የእኔ ድርሻ ቃሉ ነበር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፣ እንግሊዝኛም ከትምህርት ቤት የቀረልኝ ስላለ ባለሱቋ "እትዬ፣ ርዕሱን እርስዎ ይጻፉልኝ" አለችኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም። ባለቤቴ ካረፉ በኋላ ቀኑ ረጅም ሆኖብኝ ነበር።

ሥራው ከመዝገብ ቤት ሥራ ብዙም አይርቅም። ለእያንዳንዱ ዕቃ ርዕስ ይጻፋል። ሰው ዓይኑን የሚያሳርፈው መጀመሪያው ላይ ስለሆነ ዋናው ቃል ከፊት ይቀድማል። ከዚያ ዕቃው የሚገባበት ክፍል ይመረጣል። ቀጥሎ ገዢ ሊፈልግባቸው ይችላል የሚባሉ አጫጭር ሐረጎች ይደረደራሉ። ቀለሙን፣ የተሠራበትን ነገር፣ ለየትኛው ጊዜ እንደሚሆን የሚጠይቁ ትንንሽ ሣጥኖች አሉ፤ እነሱም ይሞላሉ። ገዢው የሚፈልገውን ሲጽፍ ማሽኑ ቃሉን ከእነዚህ ሁሉ ጋር እያመሳከረ ያወጣል። ያልጻፍነውን ዕቃ ማንም አያገኘውም። አንድ መዝገብ በተሳሳተ ርዕስ ከገባ ለዓመታት እንደሚጠፋ ስለማውቅ ይህን ለመረዳት አልተቸገርኩም።

ስለዚህ የነጠላውን ተጠንቅቄ ጻፍኩ። "በእጅ የተፈተለ" ብቻ ብለን እንዳንዋሽ ሸማኔውን ጠየቅኋቸው። "ማጉ የእጅ ፈትል ነው፤ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው። እንደዚያ ይበሉልኝ፣ ኋላ አገር ለአገር እንዳልሰደብ" አሉኝ። እንደዚያው ጻፍኩ። እሳቸው በክንድ የሚያውቁትን ርዝመት ባለሱቋ በሜትር ለካች። ወራቱ ጾም ነበር፣ ፋሲካና ከፋሲካ በኋላ የሚደገሰው ሠርግ እየቀረበ። ስለዚህ በርዕሱም በሐረጎቹም የሠርግ፣ የመልስና የበዓል ልብስ መሆኑን ጻፍኩ። ለየትኛው ጊዜ ለሚለው ሣጥንም "ሠርግ" መረጥኩ።

አልተሸጠም።

ሌማቱ ይሸጣል፣ ሙዳዩ ይሸጣል፣ ነጠላው ይቀመጣል። ገጹ ስንት ሰው እንዳየውና በምን ቃል ፈልጎ እንደመጣ ያሳያል። ብዙ ሰው ያየዋል፤ የሚመጡትም እኔ በጻፍኳቸው ቃላት ነው። ከፍተው ያዩና ይወጣሉ። ዋጋ ቀነስን። ቃል ለወጥን። እኔ ማታ ማታ ሐረጎቹን ከፊት ወደ ኋላ እያገላበጥኩ እጽፋለሁ፣ ባለሱቋ ትለጥፋለች፣ ሰው ያያል፣ ይወጣል። ሲቆይ ማሽኑ ራሱ ነጠላውን ወደ ኋላ ገጽ እየገፋው ሄደ።

ይህ ሁሉ የሚያርፈው በሸማኔው ላይ ነበር። ባለሱቋ የማይሸጥ ነጠላ ማዘዝ አትችልም። እህትየዋም እስከ ፋሲካ ካልተሸጠ ነጠላውን ከገጹ አወርዳለሁ ብላ ነበር። ሸማኔው ከዚህ ሱቅ ሌላ ቋሚ ደንበኛ አልቀረላቸውም። የሽመና ዕቃቸውን የሚገዛ ሰው ከደምበጫ አግኝተዋል። አማኑኤል ያለው ልጃቸው ደግሞ መጥተህ አብረኸኝ ኑር ይላቸዋል። "ሄጄ ከምራቴ ጋር ስለ ጨው መብዛት እከራከራለሁ" ይሉን ነበር እየሳቁ። ሳቃቸው ደስ አይልም ነበር።

ሸማኔው ያን ቀን የመጡት የደምበጫው ሰው ቅዳሜ መጥቶ የሽመና ዕቃውን ሊጭን መሆኑን ሊነግሩን ነው። ባለሱቋም ስልኩን የደወለችው እህቷ ነጠላውን ከማውረዷ በፊት አንድ ጊዜ ልትለምናት ነበር።

"ቆይ፣ ከመለመንሽ በፊት" አለች እህትየዋ። "አንዲት ሴት ዛሬ መልእክት ልካለች። ላንብብላችሁ?"

"አንብቢው" አለቻት ባለሱቋ።

አነበበችው። "እህቶቼ፣ ሥራው ግሩም ነው። ለልጄ መልስ ፈልጌው ነበር። እናቴ ግን ፎቶውን አይታ፣ 'ማን ሞቶባቸው ነው? የለቅሶ ልብስ ለሙሽራ አታስገቢብኝ' አለችኝ። እውነት ሐዘን ላይ ከሆናችሁ እግዚአብሔር ያጥናችሁ።"

ባለሱቋ ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለች። ሸማኔው ብናኙን ረስተው ገቡና በትከሻዋ ላይ አዩ። እኔም ሄድኩ። ፎቶውን ያን ጊዜ ነው ደህና አድርጌ ያየሁት። የተነሳሁት እኔ ነኝ፤ ከአገጭ በላይ ተቆርጧል። የራሴን ምስል ማየት ስለማልወድ ሁልጊዜ ዓይኔ ቃሉ ላይ ብቻ ነበር። ነጠላው ተዘቅዝቋል። ታች ሊሆን የሚገባው ጥለት ላይ ወጥቶ አንገቴን ከቧል።

ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። የለበስኩት የራሴ ነጠላም እንደዚያው ነበር።

ባለቤቴ ካረፉ ዓመታቸው አልፏል። ሙት ዓመታቸው ከወጣ በኋላ ዘመዶቼ አሁን ይበቃል፣ የሐዘኑን ልብስ አውልቂ ሲሉኝ አላወለቅሁም። ፎቶ በተነሳንበት ቀን ባለሱቋ አዲሱን ነጠላ ስትሰጠኝ እጄ እንደለመደው ለበስኩት። እሷም እንደዚያ ሆኜ ማየት ስለለመደች አልታያትም። እንዲያውም ፎቶው አራት ማዕዘን ሆኖ ሲቆረጥ ጥለቱ ስለገባላት ደስ ብሏት ነበር።

"ያነሳሁት እኔ ነኝ" አለች ባለሱቋ ፈጥና። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

"እኔስ?" አሉ ሸማኔው። "ጥለቱን የጣልኩት እኔ! መጥቼ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! ይኸው ጾሙን ሙሉ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሙሽራ ስንጠብቅ!"

ስልኩ ውስጥ እህትየዋ ሳቀች፤ ከዚያ "ይቅርታ እትዬ" አለች።

"ሳቂ" አልኳት። እኔም ፈገግ ሳልል አልቀረሁም።

"አሁኑኑ ላጥፋው" አለች ባለሱቋ።

"አታጥፊው" አልኩ። "ቃሉ ሰው እያመጣ ነበር። የመለሰው ምስሉ ነው። በሌላ ርዕስ የገባ መዝገብ ወደ ርዕሱ ይዛወራል እንጂ አይቀደድም። ለሠርግ የሚሆነውን እንደገና እናንሳው። ለሐዘን የሚሆነውን ደግሞ ለብቻው፣ በራሱ ስም እናስገባው።"

"ለሐዘን ማን በኢንተርኔት ይገዛል?" አለች ባለሱቋ።

እህትየዋ ከስልኩ "እኔ" አለች። "አባባ ያረፈ ጊዜ መርዶውን የሰማሁት ከሥራ ስወጣ ነው። ነጠላ ከጎረቤት ተውሼ ነው የተቀመጥኩት። የምገዛበት ብፈልግ የሚወጣልኝ ሁሉ የሙሽራ ነበር።"

ባለሱቋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አባታቸው አንድ ናቸውና።

ሸማኔው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ለሐዘን ከሆነ ይህ ቀይ ጥለት አይሆንም። ጥቁር ነው የሚሆነው፣ ቀጭን። እንደ እርስዎ ነጠላ" አሉኝ።

የእኔን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ባለቤቴ በተቀበሩ በሰልስቱ፣ ማንም ሳያዝዛቸው፣ አጣጥፈው ይዘው መጥተው ከጎኔ አስቀምጠውት ሄዱ። ያን ጊዜ ለማመስገን አፍ አልነበረኝም። አሁን እዚህ ላይ አመሰግናለሁ።

አወለቅሁት። ጠረጴዛው ላይ በመስኮቱ ብርሃን ዘረጋነውና ባለሱቋ ጥለቱን በቅርብ ፎቶ አነሳችው። ርዕሱን እዚያው ቆሜ ጻፍኩ። የሐዘን ነጠላ፣ ከፊት። ጥቁር ጥለት፣ ቀጥሎ። በሐረጎቹ ውስጥ ለቅሶ፣ ተዝካርና ሙት ዓመት ገቡ። ለየትኛው ጊዜ በሚለው ሣጥን ለሐዘን የሚስማማ ምርጫ ስላጣን ባዶውን ተውነው፤ የማይሆን ነገር ከመምረጥ ባዶ ይሻላል። በትዕዛዝ የሚሠራ መሆኑንም ጻፍን።

"እንደሱ ከሆነ ለናሙና ይህ ከእኔ ጋር ይሂድ" አሉ ሸማኔው፣ ነጠላዬን እያጠፉ። "ድር ዛሬውኑ አደራለሁ።"

"የቅዳሜውስ ሰውዬ?" አለቻቸው ባለሱቋ።

"ደምበጫ መንገዱ ሜዳ ነው፤ መጥቶ ይመለሳል። ሰላም ብሎኝ ይሄዳል።"

ሰውየው በእርግጥ መጥቶ ባዶውን ተመልሷል። የሠርጉ ነጠላ ከፋሲካ በፊት ተሸጠ። የመጀመሪያዋ ገዢ መልእክቱን የጻፈችው ሴት ነበረች፤ እናቷ አዲሱን ፎቶ አይታ እሺ ብላለች። የሐዘኑን የሚገዙት ብዙ አይደሉም። የሚገዙት ግን ሳይከራከሩ ይገዛሉ፣ አንዳንዶቹም ስለሞተባቸው ሰው ሁለት መስመር ይጽፋሉ። ሸማኔው እስኪደክሙ ድረስ ከሽመና ጉድጓዳቸው አልወጡም። ያቺን ሴት በመልክ አላውቃትም። ዝም ብላ ገጹን ዘግታ መሄድ ትችል ነበር፤ እንደሌሎቹ ሁሉ። ለእኛ የጻፈችው ማጽናኛ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጣት።

ያን ቀን የቀረው የሠርጉ ፎቶ ነበር። ባለሱቋ ቀይ ጥለት ያለውን አዲሱን ነጠላ አነሳችና በእጇ ይዛ ቆመች።

"እኔ ልልበሰው፣ እርስዎ ያንሱኝ?" አለችኝ በቀስታ።

ሸማኔው በሩን እያዩ ነው።

"አይ፣ አምጪው" አልኳት።

ለበስኩት። ጥለቱን ወደ ታች አድርጌ ጫፉን ወደ ትከሻዬ መለስኩ። እጄ አንዴ ተሳሳተና አስተካከልኩት። ወደ መስኮቱ ሄጄ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ባለሱቋ አሁን ራቅ ብላ፣ እስከ ጥለቱ ድረስ እንዲገባ አድርጋ አነሳችኝ። ደግማ አነሳች። ከዚያ ልመልስላት ጫፉን ስይዝ፣ "ብርድ ነው እትዬ። ለብሰውት ይሂዱ፤ ፎቶውን አንስተናል፤ እሳቸው ሌላ ይሠራሉ" አለችኝ።

ሸማኔውን አየኋቸው። የእኔን ነጠላ በብብታቸው ይዘው ከበሩ ዞር አሉልኝ።

እንደለበስኩት ደህና ዋሉ ብዬ ወጣሁ።