አራቱም ፍሬቻ

ዱባለ በመሳለሚያ አካባቢ የታወቀ የጭነት ሾፌር ነው። አራቱንም ፍሬቻ አንድ ላይ ማብራት ይወዳል። ሰባተኛ ሰፈር መሃል መንገድ ዘግቶ ጨርቅ ሲያራግፍ ያበራዋል፤ መስቀለኛ ላይ ቀጥታ መሄዱን ለማሳየትም ያበራዋል። ለብልሽትና ለአደጋ መሆኑን መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ተምሮት ነበር፤ ግን ማን ያስታውሳል?

ጨርቅ አከፋፋይዋ እትዬ በድሪያ አዲስ አይሱዙ ገዙ። ዱባለ ዘመኑን ሁሉ ሲነዳላቸው ስለኖረ፣ መኪናው የእሱ እንደሚሆን አልተጠራጠረም። እሳቸው ግን ለሙከራ ጉዞ ቁልፉን ለሙናዊር፣ ትናንት ለመጣው ልጅ ሰጡት። ይባስ ብለው ጋቢናው ውስጥ አጠገቡ ተቀመጡ።

«አሮጌውን አንተ ይዘህ ምራን» አሉት ዱባለን። «ስንመለስ ማን አዲሱን እንደሚይዝ እነግራችኋለሁ።»

ደብረ ብርሃንን አልፈው ጣርማ በር ሲደርሱ ረፋዱ በጉም ተውጧል። ዱባለ በመስታወት ወደ ኋላ ያያል። ምን እያወሩ ይሆን? ይስቁ ይሆን? በንዴት ረጅሙን መብራት ለቀቀው። ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ፊቱ ላይ ረጨው፤ ከፊቱ ነጭ ግድግዳ ቆመ። አራቱንም ፍሬቻ አበራና መንፏቀቅ ጀመረ። ሙናዊር አጭሩን መብራትና ዝቅ ብሎ የተገጠመውን የጉም መብራት አብርቶ፣ የአስፋልቱን ጠርዝ እያየ ይከተለዋል።

ዱባለ ሻይ ቤቱ ጋ ሲደርስ የግራ ፍሬቻ አሳየና ታጠፈ። ሙናዊር ግን ተበላሽቶ የቆመ መስሎት በግራ በኩል ቀስ ብሎ እያለፈው ነበር። ጓ! የአዲሱ መኪና የጎን መስታወት ረገፈ።

«አንተ ዕውር!» ዱባለ ዘሎ ወረደ። ደስታውን መደበቅ አቃተው። «አዩት እትዬ? ፍሬቻ እያሳየሁት!»

«ጋሼ፣ ሁሉም እየበራ የትኛውን ልይ? ቆመዋል ብዬ እኮ ነው።»

እትዬ በድሪያ ወርደው ከአሮጌው መኪና ኋላ ቆሙ።

«ዱባለ፣ ግባና ወደ ግራ አሳየኝ።»

አሳየ። ግራውም ቀኙም እንደ በፊቱ ብልጭ ድርግም አለ።

«አራቱን አጥፋና ድገመው።»

ግራው ብቻ በራ።

«ልትገድለን ነበር» አሉት ቀስ ብለው። «አዲሱን ሙናዊር ይይዘዋል።»

«መስታወቱን ሰብሮ?»

«ሰብሮ!»

ሲመለሱ ዱባለ ከኋላ ተከተለ። ጉሙ ካለቀ በኋላም የሙናዊር ቀይ የኋላ ጉም መብራት ይበራ ነበር፤ በጠራ አየር የተከታይን ዓይን የሚወጋው መብራት። ዱባለ ፈገግ አለ። ይርሳው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ትራፊክ ይያዘው፤ እሳቸውም አጠገቡ ሆነው ይዩት።

ቀጣዩን ኩርባ ሳይጨርሱ መብራቱ ጠፋ።

«ይሄንንም አይረሳ!» አለ ዱባለ፣ መሪውን በጡጫ መትቶ።