ድምፀቱ የተቀየረው የት ላይ ነው?

ተማሪዎቿ «ቀይ ብዕር» ይሏታል። እሷ ስሙን ታውቀዋለች፤ እንደማታውቅ ሆና ግን ታልፈዋለች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የቋንቋ መምህርት ናት። ጠረጴዛዋ ከመምህራን ክፍሉ በር ጀርባ ስለሆነ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ወንበሯን ይገጫል። «ኧረ ቦታ ቀይሪ» ሲሏት «ለምጄዋለሁ» ትላለች። ሰው በእውነት የለመደውን ነገር «ለምጄዋለሁ» ብሎ አይናገርም፤ ይህን የሚያስተውል ባልደረባ ግን አልነበራትም።

ወደዚህ ትምህርት ቤት የመጣችው ለአንድ ሴሚስተር ብቻ ብላ ነው። እናቷ ታመሙ፣ ከምትሠራበት ከተማ ፈቃድ ጠይቃ መጣች፣ ከዚያ ፈቃዱን አስረዘመች። እናትየው አራት ዓመት ተኝተው ሞቱ። ሐዘኑ ሳይወጣ ታላቅ ወንድሟ፣ የጭነት መኪና ሾፌር የነበረው፣ አንድ ቀን ከመሪው ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ነፍሱ ተረፈች፤ ግራ ጎኑ ግን አልታዘዝ አለው። የእናቷ አልጋ አንሶላ ተቀይሮለት እሱ ተኛበት። ከመጣች እነሆ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ጎረቤቶች «መልአክ እኮ ናት!» ይሏታል። መልአክ ደግሞ የዓመት ፈቃድ የለውም።

ፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀረው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። የድሮ ተማሪዋ ነው፤ ያኔ በቀይ የሞላችለትን ደብተር ዛሬም አልረሳውም።

«ቲቸር፣ የክለሳ መጽሔቱ አልቋል፤ አንድ ገጽ ብቻ ባዶ ነው። የድምፀት ለውጥ። አጭር የስድ ንባብ ቅንጭብ ያድርጉልኝና ከሥሩ ሞዴል አንቀጽ ይጻፉልኝ። ልጆቹ እያዩ እንዲገለብጡ።»

«እንዲገለብጡ ነው እንዲማሩ?»

«ሦስት ሳምንት ለቀረው ሰው መገልበጥም መማር ነው» አለ እየሳቀ።

ድምፀት ሲባል ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ተራኪው ለሚተርከው ነገር ያለው ስሜት ነው። ተራኪው «ተናድጃለሁ» አይልም፤ በመረጠው ቃል፣ በዓረፍተ ነገሩ ርዝመት፣ አይቶ በነገረን ዝርዝር ያሳብቃል። በመማሪያ መጽሐፉ ያሉትን ቅንጭቦች ተማሪው በቃሉ ስለሸመደዳቸው፣ ቀይ ብዕር የራሷን ልትጽፍ ተቀመጠች። ክፍል በሌላት ሰዓት፣ በሩ ሁለት ጊዜ ወንበሯን እስኪገጭ ድረስ፣ ሳትሰርዝ ሳትደልዝ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ቤቱ ደስ ይላል። የጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ቀስ ብላ ትዘረጋለች፤ ብርጭቆዎቹ ታጥበው በየቦታቸው ተደርድረዋል፤ መጋረጃው የሳሙና ሽታው ገና አልለቀቀውም። ወንድሟ ይጠራታል። ትሄዳለች። ደግሞ ይጠራታል። ደግሞ ትሄዳለች። ግን ፀሐይዋ ወለሉን አቋርጣ ወጥታለች፤ ሴትዮዋ እዚያው ናት።»

ከሥሩ ሞዴል አንቀጹን አስከተለች፦

«ቅንጭቡ በእርጋታና በእርካታ ድምፀት ይጀምራል። ‹ደስ ይላል› እና ‹ቀስ ብላ ትዘረጋለች› የሚሉት አገላለጾች፣ ከረዥሙ ዓረፍተ ነገር ጋር ተዳምረው፣ ተራኪው ቤቱን በፍቅር እንደሚያይ ያሳያሉ። ‹ግን› በሚለው ቃል ላይ ድምፀቱ ወደ ምሬት ይለወጣል። ፀሐይዋ ስትወጣ ሴትዮዋ ‹እዚያው› መቅረቷ ጎን ለጎን ሲቀመጥ፣ አንባቢው መታሰሯ ይሰማዋል።»

ኃላፊው አነበበና «ወርቅ!» አለ። «መነሻው፣ መለወጫው፣ ማስረጃው፣ በአንባቢው ላይ የሚያሳድረው ስሜት፤ አንድ አልቀረም።»

ቅዳሜ ጠዋት ፈተናውን ለሚደግሙ አዋቂዎች ክለሳ ትሰጣለች። ረቂቁን ይዛላቸው ገባች። ከመጨረሻው ወንበር አንዲት የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ትቀመጣለች፤ የሁለት ልጆች እናት፣ ፈተናውን ለሦስተኛ ጊዜ የምትወስድ፣ እጇ በበረኪና የተላጠ። ቀይ ብዕር አንብባ «ድምፀቱ የት ላይ ተቀየረ?» ስትል ክፍሉ በአንድ አፍ «ግን ላይ!» አለ። አጣቢዋ አሁንም ዓይኗን ከወረቀቱ አልነቀለችም።

«አንቺስ?»

«ይቅርታ ቲቸር፣ ልሳሳት እችላለሁ። ለእኔ ከዚያ በፊት ነው።»

«የት ላይ?»

«‹ወንድሟ ይጠራታል። ትሄዳለች።› ሲል። እዚያ ላይ ወሬው ይቆራረጣል። ሲጀምር እየተንቀረፈፈ፣ እየተመቸው ነበር፤ ከዚያ ትንፋሽ ያጥረዋል። ደግሞ ‹ደግሞ› ‹ደግሞ› ሲል ሰልችቶታል ማለት እኮ ነው።» ጣቷን ወረቀቱ ላይ አስኬደች። «እኛ ጋ በሽተኛ ‹ደህና ነኝ› ይላል። ነርሷ ‹ግን› እስኪል ትጠብቃለች። እኔ አንሶላ ስቀይር ከአተነፋፈሱ አውቀዋለሁ። ‹ግን› ላይ የተቀየረ ነገር የለም ቲቸር፤ ‹ግን› ላይ ያወቀችው ሴትዮዋ ናት።»

ክፍሉ ሳቀ። ቀይ ብዕር አልሳቀችም። ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። የጻፈችው ራሷ ናት፤ ያላየችውም ራሷ። «ልክ ነሽ» አለች በመጨረሻ። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።» ቀይ ብዕር ይህን ስትል የሰማ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

እሑድን ሙሉ አንቀጹን ስታስተካክል ዋለች፦ «ድምፀቱ የሚለወጠው ‹ግን› ከመምጣቱ በፊት ነው። ‹ወንድሟ ይጠራታል። ትሄዳለች።› ሲል ዓረፍተ ነገሩ በድንገት ያጥራል፤ የ‹ደግሞ› መደጋገም እርካታውን ወደ መሰላቸት ያወርደዋል። ‹ግን› ለውጡን አይጀምረውም፤ ሲጠራቀም የቆየውን አውጥቶ ይናገረዋል።» ሰኞ ጠዋት ወስዳ ለኃላፊው ሰጠችው።

አነበበው። ራሱን ነቀነቀ። «ያምራል። ልክም ነው። ግን አላስገባውም።»

«ለምን?»

«አንደኛ፣ መጽሔቱ ዓርብ ተባዝቷል። ሁለተኛ፣ የእርማት መመሪያውን ያውቁታል፤ ‹መለወጫ ቃሉን ለጠቀሰ አንድ ነጥብ› ይላል። አራሚው ‹ግን› የሚለውን ካላየ ነጥቡን አይሰጥም። ልጆቹን በእውነት ላስወድቃቸው?»

«ልጆቹ ሁለቱንም ይጻፉ፤ ‹ግን› ይታያል፣ ከፊቱ ግን ተጀምሯል ብለው።»

«ጊዜ የለም ቲቸር። እኔም እኮ አልተመቸኝም፤ ምን ላድርግ?»

እሷም ምን ታድርግ? «እሺ» ብላ ወጣች። በየክፍሉ እየዞረች የተስተካከለውን በጥቁር ሰሌዳ ጻፈች። ግማሹ ገለበጠ፤ ግማሹ «ፈተና ላይ የቱን እንመን?» ብሎ ጠየቃት።

ከተባዙት አንዱን ቤት ይዛ ሄዳ ከወንድሟ አልጋ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ረስታው ነበር። ወንድሟ ቀኝ እጁ የደረሰበትን ሁሉ ያነባል፤ የመድኃኒት ማሸጊያ ሳይቀር። ማክሰኞ ከሥራ ስትገባ መጽሔቱ ከትራሱ ሥር ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጥራቱን ተወ። ውሃ አልጠየቀም፤ ትራሱን አስተካክይልኝ አላለም። እሷ እየሄደች «ጋሼ፣ ምን ልስጥህ?» ስትለው «ምንም፣ እታለም» ይላል። ቤቱ ጸጥ አለ። ጸጥታውም ከጥሪው የባሰ ሆነባት፤ ወጥ ቤት ሆና ጆሮዋን ቀስራ እንዳልተጠራች ስታዳምጥ ታመሻለች።

ሐሙስ ዐሥር ሰዓት ላይ ስትመለስ ወለሉ ላይ አገኘችው። ብርጭቆ ለማንሳት ሞክሮ በግራው በኩል ወድቋል። ከእኩለ ቀን ጀምሮ እዚያው ነው። የጎረቤት ግድግዳ በአንድ ክንድ ርቀት ነው፤ ቢጮህ ይሰማ ነበር።

«ጋሼ! ለምን አትጣራም? ለምን?»

«ደግሞ ልጥራ?» አላት።

እንዴት እንዳነሳችው አታውቅም። አልጋው ላይ ካስደገፈችው በኋላ እግሩ ሥር ተቀመጠች። «ለፈተና ነው የጻፍኩት» አለች። «ለልጆች ነው።»

«ለፈተናማ ነው። ግን እኔን ይጠይቁኝ፤ መልሱን አውቀዋለሁ።» ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። የተቀየረው እኔ ከመሪው ላይ ስወድቅ ነው?»

ልትዋሽ ትችል ነበር። «አይደለም» አለች። «ከዚያ በፊት ነው። ለእማዬ ብዬ ፈቃዱን ያስረዘምኩ ቀን። ደብዳቤውን ስጽፍ እጄ ከብዶኝ ነበር። ያኔ አላወቅኩትም።»

ከዚያ «እፎይ» አለ፣ በግማሽ ፊቱ ፈገግ ብሎ። «እኔ አይደለሁማ። ይህን ሁሉ ዓመት እኔ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ተያይዘው አለቀሱ፤ ውሃም አጠጣችው።

ፈተናው ደረሰ። የድምፀት ጥያቄ ወጣ፤ አንዲት «ሆኖም» ያለባት ቅንጭብ። አጣቢዋ «ሆኖም»ን ጠቅሳ፣ ለውጡ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በፊት እንደጀመረ ከነማስረጃው እንደጻፈች ለቀይ ብዕር ነገረቻት። ስንት ነጥብ እንዳገኘችበት የሚያውቅ የለም፤ ውጤት የሚመጣው በድምሩ ነው። ቋንቋን ለጥቂት አለፈች፣ ሒሳብ ጣላት። «ለአራተኛ ጊዜ እመጣለሁ» ብላ ስቃ ሄደች። ኃላፊው የቀጣዩን ዓመት መጽሔት ሲያዘጋጅ ያንኑ የድሮውን ገጽ እንዳለ አስገባው፤ ብዙ ተማሪ ነጥብ አግኝቶበታል።

ወንድሟ መጣራት ጀምሯል፤ አንድ ነገር ግን አስምሏታል። ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጣ ሰዓት ሠሪ፣ ዳማ ሊጫወት ይመጣል፤ እሷ እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ቤት አትገባም። «ወዴት ልሂድ?» ብትለው «ወደ ፈለግሽው፤ እኔ ምን አገባኝ!» አላት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጫማዋን ወልውላ ወጣች። እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አንዱ አውቶቡስ መጣ፣ ሄደ። ሁለተኛው ሲቆም ረዳቱ «እማማ፣ ይገባሉ?» አላት። እማማ መባሉ አስደነገጣት። «የት ነው የሚሄደው?» አለችው፣ አውቶቡሱ ግንባር ላይ የተጻፈውን እያነበበች። ነገራት። ቦርሳዋን አጥብቃ ያዘች። «የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ» አለች።

ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ ከቤቷ በር ላይ ቆማ ነበር። ከውስጥ የሁለት ሽማግሌ ሳቅ ይሰማል። እንዳትገባ ቃሏ ያዛት፤ እንዳትሄድ እግሯ። ደረጃው ላይ ተቀመጠችና የዳማው ጠጠር ሲንኳኳ እያዳመጠች ዐሥራ ሁለት ሰዓትን ጠበቀች።