ቴሌቪዥን የለንም ያልን ዕለት

ያኔ ሐረር ላይ አማርኛ አስተምር ነበር። የምኖረው ሐኪም ጋራ ሰፈር፣ በአንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ በተከራየኋት ክፍል ነው። በትርፍ ጊዜዬ የጻፍኩትን ተከታታይ ድራማ አንድ የአዲስ አበባ ፕሮዲዩሰር ወደደልኝና አሥራ ሦስት ክፍል አድርጎ ቀረጸው። ከሐረር በሮች አንዱ በሆነው በሸዋ በር ከሚኒባስ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ቆማ የምታይ አንዲት እናት ናት ታሪኩ። ልጇ ዐረብ አገር ሄዶ ድምፁ ጠፍቶባታል። ጥይት የለው፣ ሠርግ የለው።

ታሪኩን ከማን እንደወሰድኩት አልክድም። የአከራዬ ልጅ በጅቡቲ በኩል ከሄደ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር። እሳቸውም ገብቷቸዋል፤ አልተቆጡም። እሑድ ምሽት ሁለት ሰዓት ሲሆን ጎረቤቱን ሳሎናቸው ይሰበስቡና ክፍሉ ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረው "ታመጣዋለህ አይደል?" ይሉኛል። "ትንሽ ይታገሡኝ እማማ" እላለሁ። ልጁን ከአሥራ ሦስቱ ክፍል በኋላ ለሚመጣው ለሁለተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ አስቀምጬዋለሁ።

ሙገሳውማ ለጉድ ነበር። አንድ ጋዜጣ ግማሽ ገጽ ሰጠን፤ አንድ የሬዲዮ ዝግጅት ሰዓቱን ሙሉ ስለ እኛ አወራ። እኔም ጋዜጣውን መምህራን ማረፊያ ጠረጴዛ ላይ እንደ ዘበት ጥዬው እሄድ ነበር። በቃ፣ ሰው ሆንኩ አልኩ።

አሥራ ሦስተኛው ክፍል በታየ በአራተኛው ቀን ፕሮዲዩሰሩ ደወለ። "ስፖንሰሩ አይቀጥልም" አለኝ።

"ጋዜጣውን አላዩም እንዴ?"

"አይተውታል። እንኳን ደስ አላችሁ ብለውናል።"

ከዚያ ጣቢያው የእሱ አለመሆኑን ለተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው አስረዳኝ። የአየር ሰዓቱን ከጣቢያው የሚገዛው እሱ ነው። ያን ወጪ የሚችልለት አንድ የሳሙና ፋብሪካ ነው፤ የፈረመውም ለአሥራ ሦስት ክፍል ብቻ ነው። ፋብሪካው ሳሙናውን ስንት ቤት እንዳየው ማወቅ ይፈልጋል እንጂ ድራማው ጥሩ ነው አይደለም የሚለው አያስጨንቀውም። ጋዜጣና ሬዲዮ ላይ ያሞገሱን ሐያሲዎች ደግሞ እሱ በላከላቸው ዲስክ አሥራ ሦስቱንም በተከታታይ አይተዋል፤ ቀስ ማለታችን ጥበብ ሆኖ ታያቸው። ቤቱ ያለ ሰው ግን መብራት ጠፍቶ ሁለት እሑድ ካመለጠው ታሪኩ ይጠፋበታል፣ አይመለስም። በዚያው ሰዓት ሌላ ጣቢያ በአማርኛ የተተረጎመ የውጭ ድራማ ያሳያል። እሱ ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ድምፅ መቅዳት ብቻ ነው የቀረው። እኛ ግን ለእያንዳንዱ ክፍል ተዋናይና ካሜራ ጭነን ሐረር ድረስ እንመጣለን።

"ይሁን እንጂ ፋብሪካዎቹ በየከተማው የተመልካች ጥናት አስጠንተው ነበር" አለ። "ቁጥሩ ቢያምር ይቀጥሉ ነበር። በተለይ ሐረር ላይ እርግጠኛ ነበርኩ። በየቤቱ ፎርም ይዘው ዞረው፣ ብዙው ቤት ቴሌቪዥን እንኳ የለኝም ብሏል።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ተቀመጥኩ።

መጥተው ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሁለት ሴቶች፣ ደረታቸው ላይ መታወቂያ፣ እጃቸው ላይ ፎርም። ያን ጊዜ ለቴሌቪዥን በየዓመቱ የሚከፈል ግብር ነበር፤ ሰፈሩ ደግሞ ፎርም የያዘ ሰው ሲያይ ሌላ ነገር አይታየውም። ከላይ ሰፈር "ግብሮች መጡ!" የሚል ወሬ ቀድሟቸው ደረሰ። አሮጊቷ በር ላይ ቆመው "የት አግኝተን ልጆቼ፣ ቴሌቪዥን የለንም" ሲሉ፣ ሳሎን ውስጥ ነጠላቸውን ከግድግዳ አውርጄ ቴሌቪዥኑን ያለበስኩት እኔ ነኝ። የተማርኩት ሰውዬ! ሴቶቹ ሲወጡ ሁለታችን ሳቅን። ቀኑን ሙሉ ነው የሳቅነው።

ለፕሮዲዩሰሩ ልነግረው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ቢያውቅስ? ጥናቱ ተከፍሎበት አልቋል፣ ዋናዋ ተዋናይ ሌላ ሥራ ፈርማለች። የሐረር ቁጥር ብቻውን ያድነን ነበር ወይ ብባል አላውቅም፤ ዛሬም አላውቅም። ሳስበው ያቃጥለኛል።

እሑድ ምሽት ሳሎን ገባሁ። ጎረቤቶቹ እንደ ልማዳቸው ተሰብስበዋል። ሁለት ሰዓት ሲሞላ በእኛ ድራማ ቦታ ላይ ሌላ የተተረጎመ ድራማ መጣ።

"የኛስ?" አሉ አሮጊቷ።

"ቀረ እማማ። አይቀጥልም።"

"ልጁን አምጥተኸው ነበር?"

"አምጥቼዋለሁ። ጽፌ ጨርሻለሁ። በሸዋ በር በኩል፣ ከሚኒባስ ሲወርድ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። "ታዲያ ምነው የማያሳዩን?" አሉ።

ነጠላው ያ ቴሌቪዥኑን ያለበስኩበት ነው። እውነቱን ልነግራቸው አቃተኝ።

"ተመልካች የለውም አሉ።"

ሳሎኑን ዞር ብለው ቃኙት። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ።

"እኔስ?" አሉኝ።