ረድፍ ሐ፣ ከ10 እስከ 15

ዘርዛሪዋ ይሏታል። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቁት ደመወዝ ከፋዩና ባሏ ናቸው፤ ባሏም ትዝ የሚለው ሲቆጣ ነው።

የቴአትር አዳራሽ አስተናጋጅ ናት። ሰው በር ላይ ተቀብላ በባትሪ ብርሃን እየመራች ታስቀምጣለች። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ሥራ አለባት፤ ቢሮ በላከላት ብጣሽ ወረቀት መሠረት በተያዙት ወንበሮች ላይ «ተይዟል» የሚል ካርድ ትደረድራለች። ቢሮ ደግሞ ቀለም ይሰስታል። «መ 4፣ 7–9፣ 12» ብሎ ልኮ እጁን ይታጠባል። እሷ ወንበር ወንበሩን ትጽፈዋለች፦ አራት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አስራ ሁለት። ለየቁጥሩ አንድ ካርድ።

ቅጽል ስሙ ዝም ብሎ አልተለጠፈባትም። ሥራ የጀመረች ሰሞን «ለ 3–8» የሚል ወረቀት ሰጧት። እሷ ሆዬ ሦስት ላይ አንድ ካርድ፣ ስምንት ላይ አንድ ካርድ አስቀምጣ ወገቧን ይዛ ቆመች። መሃሉ ባዶ መስሎት የመጣ ሁሉ ተዘረፈጠበት። ባለቦታዎቹ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች፣ ሲደርሱ አለቅየው ሦስት ላይ፣ ሒሳብ ሹሙ ስምንት ላይ ተቀመጡ፤ በመካከላቸው አራት የማይተዋወቁ ሰዎች ኦቾሎኒ ይፈለፍላሉ፤ የቀሩት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው እሷን በዓይናቸው ይገርፏታል።

ትኬት ቆራጩ እንባው እስኪወርድ ስቆ ሲያበቃ ወረቀቱን አሳያት።

«እህቴ፣ ይቺ ሰረዝ እኮ ጌጥ አይደለችም። እርጉዝ ናት! ሆዷ ውስጥ አራትም፣ አምስትም፣ ስድስትም፣ ሰባትም አሉ። ሦስትና ስምንት ደግሞ ራሳቸው ይገባሉ።»

«ታዲያ ለምን አልወለደቻቸውም?»

«አዋላጇ አንቺ ነሻ!»

ከዚያ ወዲህ ሳትዘረዝር አንድ ካርድ አስቀምጣ አታውቅም። አዳራሽ ውስጥ ማለቴ ነው። ቤቷ ሌላ ነገር ነው።

ሴት ልጇ በዚያው አዳራሽ በሚታይ ቴአትር ላይ የመጀመሪያ ትልቅ ሚናዋን አገኘች። ለተዋንያን ቤተሰብ ቦታ ይሰጣልና አንድ ማታ ራት ላይ «ሐ ከ10 እስከ 15 የኛ ነው» ብላ አበሰረች። እናትየው ዕቃ እያጠበች ነበር። ሰዓት ጠጋኙ ባሏ ፈጥኖ ገባበት፤ ልብ በሉ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያየው ቁጥር አስራ ሁለት ላይ የሚያልቅ ሰው ነው።

«አስራ አምስት ሲቀነስ አስር፣ አምስት! እኔ፣ አንቺ፣ እናቴ፣ ወንዱ ልጃችንና ሚስቱ። ልክክ!»

«እትዬስ?» አለች ሚስት፣ እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ።

«እኔ ምን ላርግ? ቁጥሩ ነው የፈረደው» አለ፣ ቁጥሩን አመስግኖ ሊስመው ምንም ሳይቀረው።

እትዬ የሚስቱ ታላቅ እህት ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷም እንደ መርፌዋ ነው። ቀልድ ሳያልቅ ቀድማ ትስቃለች፣ ሰዓት ጠጋኙን ደግሞ «የኛ ሰዓት አዋቂ፣ ቀጠሮ ግን የማያውቅ» ትለዋለች። ልጅቷን በልጅነቷ አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ የመድረኩን ቀሚስ የሰፋችውም እሷ ናት። ይህን ሁሉ ሚስት ታውቃለች። ግን እጇ ሳሙና ውስጥ፣ ሐሳቧ ድስቱ ላይ ነበርና ሳትዘረዝር «እሺ አምስት» አለች።

መርዶውን ስትነግራት እትዬ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። የቀሚሱን የመጨረሻ ቁልፍ ሰፍታ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣

«ይሁን። ቀሚሱ ይግባ፣ ሰፊዋ ደጅ ትቅር» አለች።

ከዚያ ወዲህ የእህቷን ስልክ አታነሳም። ሰፈሩም በበኩሉ ወሬው ላይ ጨው ጨመረበት፤ «አማቷን አስቀምጣ እህቷን አባረረች» ተባለ። ዘርዛሪዋ ከጎኗ አንድ ነገር የጎደለባት ያህል ስትብሰለሰል ሰነበተች።

የትርኢቱ ዕለት ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ባዶ ነበር። ከቢሮ የመጣው ወረቀት ላይ «ሐ 2–4፣ 7፣ 10–15» ተጽፏል። እንደ ልማዷ ካርዶቹን ጻፈች፦ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ሰባት፤ አስር፣ አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት፣ አስራ ሦስት፣ አስራ አራት፣ አስራ አምስት። ከዚያ ረድፉ ውስጥ ገብታ እያስቀመጠች ሄደች። የቤቷ ቦታ ላይ ስትደርስ ደስታ አስለፈለፋት።

«አስር፣ ልጄ። አስራ አንድ፣ ምራቴ። አስራ ሁለት፣ እማማ። አስራ ሦስት፣ እኔ። አስራ አራት፣ ያ የኔ ሰዓት።»

እጇ ላይ አንድ ካርድ ቀረ። አስራ አምስት።

ገልብጣ አየችው። ወረቀቱን አየች። ደግማ ከአስር ጀምራ ወንበሮቹን በእጇ እየዳሰሰች ሄደች፤ ያው አስራ አምስት ቀረ።

«ይቺ የማን ናት?» ብላ ወደ ትኬት ቆራጩ ጮኸች።

«የናንተ ናት እንጂ የማን ልትሆን?»

«እኛ እኮ አምስት ነን!»

«ወንበራችሁ ስድስት ነዋ።»

«አስራ አምስት ሲቀነስ አስር…»

ትኬት ቆራጩ እጁን ዘርግቶ አሳያት። «ጣቶቼ ከአንድ እስከ አምስት ናቸው። አምስት ሲቀነስ አንድ፣ አራት ብዬ አንዱን ልቁረጠው? ስትቀንሺ አስርን ራሱን ከወንበሩ አስነስተሽ አባረርሽው። እሱም እኮ ትኬት አለው! መልሰሽ አንድ ጨምሪለት።»

ዘርዛሪዋ አስራ አምስት ላይ ቁጭ አለች። «ለባዳው ሁሉ እዘረዝራለሁ፣ የገዛ እህቴን ቀነስኳት!» አለች። መሳቅም ማልቀስም አማራት፤ ሁለቱንም ትታ የትኬት ቤቱን ስልክ አነሳች። እትዬ የማታውቀው ቁጥር ስለሆነ አነሳችው።

«እትዬ፣ እንዳትዘጊው! አንድ ወንበር አለ።»

«የተረፈ ነዋ። ፍርፋሪ።»

«አልተረፈም፣ ድሮም ያንቺ ነበር። እኛ ነን ያጠፋነው። ልቁጠርልሽ?»

«ቁጠሪ።»

ከአስር ጀምራ በየወንበሩ ሰው እያስቀመጠች ቆጠረችላት። አስራ አምስት ላይ ስትደርስ «አንቺ» አለቻት። ከዚያ ማዶ የስፌት መኪና ይሰማ ነበር። ቆመ።

«ዳር ነው?»

«ዳር ነው፤ መተላለፊያው ጋ።»

«እሰይ፣ እግሬን እዘረጋለሁ። ከጎኔ ማነው?»

«የልጅቷ አባት።»

«ሆን ብለሽ ነው!»

«አይ፣ ቁጥሩ ነው የፈረደው።»

እትዬ ከሁሉም ቀድማ መጣች። ጸጉሯ ተሠርቶ፣ ጫማዋ ተወልውሎ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ። ያን ሁሉ በዚያች አጭር ጊዜ አደረሰችው ብሎ የሚያምን ይመን፤ ትኬት ቆራጩ ግን «ሴትየዋ ለብሳ ስልክ ስትጠብቅ ነበር» ብሎ ለመላው ሰፈር መስክሯል።

መጋረጃው ተከፈተ፤ ልጅቷ ወጣች። ገና አፏን ሳትከፍት እትዬ «ያ አንገትጌ የኔ ነው!» ብላ አጨበጨበች። ቀልዶቹ ሳይደርሱ ቀድማ ሳቀች። ሰዓት ጠጋኙ መጀመሪያ ወንበሩ ውስጥ ሊቀበር ፈለገ፤ ኋላ ላይ ግን የት ጋ መሳቅ እንዳለበት ከሷ ማየት ጀመረ። ዘርዛሪዋ አስራ ሦስት ላይ ተቀምጣ ግራዋንም ቀኟንም ቃኘች። ረድፉ ሙሉ ነበር።

«ሐ 15» የሚለው ካርድ ወደ አዳራሹ አልተመለሰም። ዛሬ ከእትዬ የስፌት መኪና በላይ ግድግዳው ላይ በመርፌ ተሰክቷል። ሰዓት ጠጋኙ ሊጠይቃት ሲመጣ በጣቷ ታሳየዋለች፤ እሱም እየሳቀ «አንድ ልጨምር፣ አውቃለሁ» ይላታል።